ማሙሽ፣ የክፍልፋዩን ወረቀት አብረን እንሥራው

ማሙሽ፣ የላክልኝ ፎቶ ደርሶኛል። ሰባቱም ጥያቄዎች ይነበባሉ። ሦስተኛው ላይ ብቻ ወረቀቱ የታጠፈበት ቦታ አንድ ቁጥር አደብዝዟል፤ እሱን ስንደርስበት እናየዋለን። በእርሳስ የሞካከርካቸውንም አይቻለሁ። እንኳን አላጠፋሃቸው! መልስህን ብቻ ባይ ኖሮ የት ላይ እንደተሳሳትክ አላውቅም ነበር። አሁን ግን እያንዳንዷ እርምጃህ ይታያል።

መልሶቹን ብቻ ጽፌ ልልክልህ እችል ነበር። ግን ነገ መምህራችሁ ቁጥሩን ቀይረው ቢጠይቁህ ምንም አይጠቅምህም። ስለዚህ እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደሚሠራ ጭምር እጽፍልሃለሁ። ቀስ ብለህ አንብበው። ወረቀቱንና እርሳሱንም አጠገብህ አድርግ።

አንድ ነገር ልብ በል። ስልክ ላይ ስለምጽፍ ክፍልፋዮቹን 3/4 እያልኩ በአግድም ነው የማስቀምጣቸው። አንተ ደብተርህ ላይ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርገህ መሃላቸው ላይ መስመር አስምር።

## ከላይ ያለው ቁጥርና ከታች ያለው ቁጥር ምን ይነግሩኛል?

ከላይ ያለው ላዕል ይባላል፤ ከታች ያለው ታህት። ሁለቱም ቁጥር ቢሆኑም ሥራቸው አንድ አይደለም። ወረቀትህ ላይ ካሉት ስህተቶች ዋናው የመጣው ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርገህ ስላየሃቸው ነው።

እማዬ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ አስብ። እኩል አራት ቦታ ቢቆረጥ እያንዳንዱ ቁራሽ አንድ አራተኛ ይባላል። ታህቱ 4 የሚነግርህ ዳቦው ስንት ቦታ እንደተቆረጠ ነው። ይህ ማለት ደግሞ የአንዱን ቁራሽ መጠን ይነግርሃል። ላዕሉ 3 ከሆነ እንደዚያ ካሉት ቁራሾች ሦስቱን ይዘሃል። በአጭሩ ታህት የቁራሹን መጠን ይናገራል፣ ላዕል ደግሞ ብዛቱን ይቆጥራል።

ከዚህ አንድ ዓይንን የሚያሳስት ነገር ይመጣል። ታህቱ ሲተልቅ ቁራሹ ያንሳል። ያው ዳቦ ስምንት ቦታ ከተቆረጠ የሚደርስህ ቁራሽ አራት ቦታ ሲቆረጥ ከሚደርስህ ያነሰ ነው። ስለዚህ 8 ከ4 ቢበልጥም 1/8 ከ1/4 ያንሳል። "እኩል" የሚለውን ቃልም አትርሳ። ዳቦው አራት ቦታ ተቆርጦ አንዱ ቁራሽ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ከሆነ አንዱን ቁራሽ አንድ አራተኛ ብለን መጥራት አንችልም።

## ጥያቄ 1፦ 18/24ን ማቃለል ማለት ምን ማድረግ ነው?

ማቃለል ማለት መጠኑን ሳይነኩ ቁጥሮቹን ማሳነስ ነው። ዳቦው 24 ቦታ ተቆርጦ 18ቱን ቁራሽ ይዘሃል እንበል። አሁን ቁራሾቹን ስድስት ስድስት አድርገህ ሰብስባቸው። 24ቱ ቁራሽ አራት ክምር ይሆናል። ያንተ 18 ቁራሽ ደግሞ ሦስት ክምር ይሆናል። ስለዚህ 18/24 እና 3/4 እኩል ናቸው። ዳቦው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እንዲህ ቁጥራቸው የተለያየ፣ መጠናቸው ግን እኩል የሆነ ክፍልፋዮች አቻ ክፍልፋዮች ይባላሉ።

ደብተር ላይ ስትሠራው ላዕሉንም ታህቱንም ለአንድ ቁጥር ታካፍላለህ። 18 ሲካፈል ለ6፣ 3። 24 ሲካፈል ለ6፣ 4። መልሱ 3/4 ነው።

አንተ ሁለቱንም ለ2 አካፍለህ 9/12 ላይ ቆመሃል። መጠኑ ልክ ነው፤ ሥራው ግን አላለቀም። 9ንም 12ንም 3 ያካፍላቸዋል። አንድ እርምጃ ብትቀጥል 3/4 ላይ ትደርስ ነበር። 6 ወዲያው ካልታየህ እንዳንተ በ2 ጀምሮ፣ ከዚያ በ3 መቀጠል ምንም ችግር የለውም። ማለቁን የምታውቀው ሁለቱንም አብሮ የሚያካፍል ከ1 ሌላ ቁጥር ሲጠፋ ነው። 3ን እና 4ን አብሮ የሚያካፍል ከ1 በስተቀር የለም፤ ስለዚህ እዚያ ይቆማል።

የዚህን ተቃራኒም ያዘው፣ አሁኑኑ ይፈለጋል። ላዕሉንም ታህቱንም በአንድ ቁጥር ብታባዛም መጠኑ አይለወጥም። 1/2 እና 3/6 እኩል ናቸው። ግማሹ ዳቦ እንደገና ሦስት ቦታ ቢቆረጥም ያው ግማሽ ነው።

## ጥያቄ 2፦ 1/2 + 1/3 ለምን 2/5 አይሆንም?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። አንተ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረህ 2/5 ጽፈሃል። ከመሥራታችን በፊት መልሱን በዓይንህ ብቻ መርምረው። 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? የ5 ግማሽ 2 ተኩል ነው። 2 ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ 2/5 ከግማሽ ያንሳል። እንዴ! ግማሽ ዳቦ ይዘህ ሌላ ሲሶ ተጨምሮልህ እንዴት ከግማሽ በታች ትይዛለህ? መልሱ ስህተት መሆኑን ምንም ሳትሠራ አወቅህ ማለት ነው።

ይህ ስህተት ያንተ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ በተሰጠ አገር አቀፍ ፈተና ላይ 13 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች 12/13 + 7/8 ወደ ስንት እንደሚጠጋ ተጠይቀው ነበር። ምርጫዎቹ 1፣ 2፣ 19 እና 21 ነበሩ። 12/13 ለ1 ትንሽ የጎደለው ነው፣ 7/8ም እንደዚያው። ስለዚህ ድምሩ ወደ 2 ይጠጋል። ይህን የመረጡት ግን 24 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 19ን ወይም 21ን መረጡ። 19 የመጣው ላዕሎቹ ሲደመሩ ነው፣ 21 ደግሞ ታህቶቹ ሲደመሩ። ልጆቹ መደመር አቅቷቸው አይደለም። ታህትን እንደሚቆጠር ነገር ስላዩት ነው።

ታህት አይደመርም። ታህት የቁራሹ መጠን ነው፣ መጠን ደግሞ ቁራሽ ስለጨመርክ አይለወጥም። የሚደመረው ብዛቱ፣ ማለትም ላዕሉ ነው። ለምሳሌ 1/5 + 2/5 ሲሆን ቁራሾቹ ሁሉም አምስተኛ ናቸው። አንድ አምስተኛና ሁለት አምስተኛ ሦስት አምስተኛ ይሆናል። በቃ፣ 3/5 ነው።

የጥያቄ 2 ችግር ቁራሾቹ እኩል አለመሆናቸው ነው። አንዱ ግማሽ ነው፣ ሌላው ሲሶ። "ሁለት ቁራሽ አለኝ" ማለት ትችላለህ፤ ሁለት ምን እንደሆነ ግን መናገር አትችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን እኩል መጠን ወዳላቸው ቁራሾች እንቀይራቸዋለን። ዳቦው ስንት ቦታ ቢቆረጥ ግማሹም ሲሶውም ሳይሸራረፍ በሙሉ ቁራሽ ይወጣል? ስድስት ቦታ ቢቆረጥ። 6 ለ2ም ለ3ም ያለ ቀሪ ይካፈላል።

ግማሹ ስንት ስድስተኛ ነው? 2ን ወደ 6 ለማድረስ በ3 አባዛን፤ ስለዚህ ላዕሉንም በ3 እናባዛለን። 1/2 = 3/6። ሲሶውስ? 3ን ወደ 6 ለማድረስ በ2 አባዛን፤ ላዕሉንም በ2። 1/3 = 2/6። አሁን ሁሉም ስድስተኛ ሆነዋል፣ እንቁጠራቸው።

3/6 + 2/6 = 5/6

5/6 ከግማሽ ይበልጣል፣ ከ1 ደግሞ ያንሳል። ግማሽና ከግማሽ ያነሰ ነገር ስትደምር ልትጠብቀው የሚገባህ ይህን ነው። 5ንና 6ን አብሮ የሚያካፍል ስለሌለም አይቃለልም።

## ጥያቄ 3፦ ታህቶቹ 6 እና 8 ሲሆኑ የጋራውን ከየት አመጣለሁ?

ፎቶው ላይ የደበዘዘው ይህ ነው። እኔ 5/6 − 3/8 ብዬ ነው ያነበብኩት። ወረቀቱን አቃናና እየው። ሁለተኛው ታህት 8 ሳይሆን 6 ከሆነ ጥያቄው በጣም ይቀላል። 5/6 − 3/6 = 2/6 ይሆናል፣ ሲቃለል 1/3። እኔ 8 ነው ብዬ ልቀጥል።

የጋራ ታህት ማለት ሁለቱም ታህቶች ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥር ነው። ከእነዚህ ውስጥ ትንሹን ትንሹ የጋራ ብዜት ይሉታል። እሱን ለማግኘት ትልቁን ታህት ይዘህ ብዜቶቹን ጥራ። በየመሃሉም "ትንሹ ያካፍለዋል?" እያልክ ጠይቅ። 8ን 6 አያካፍለውም። 16ንም አያካፍለውም። 24ን ያካፍለዋል። ተገኘ፣ 24።

6ን 24 ለማድረስ በ4 እናባዛለን፤ 5 በ4 ሲባዛ 20። ስለዚህ 5/6 = 20/24። 8ን 24 ለማድረስ በ3 እናባዛለን፤ 3 በ3 ሲባዛ 9። ስለዚህ 3/8 = 9/24።

20/24 − 9/24 = 11/24

አንተ 6ን በ8 አባዝተህ 48 ተጠቅመሃል። ያ ስህተት አይደለም። 40/48 − 18/48 = 22/48 ይሆናል። ለ2 ስታካፍለው ያው 11/24 ይመጣል። ትንሹን የምንመርጠው ቁጥሮቹ እንዳይገዝፉና መጨረሻ ላይ ማቃለሉ እንዳይበዛብን ነው። ያንተ ስህተት ሌላ ቦታ ነው። 5/6ን ወደ 48 ስትቀይር ታህቱን በ8 አባዝተህ ላዕሉን 5 ብለህ ትተኸዋል። 5/48 ደግሞ በጣም ትንሽ ነገር ነው። ከእሱ 18/48 ልትቀንስ ስትል አልበቃህም፣ ስለዚህ ገልብጠህ ከ18 ላይ 5 ቀነስክ። መቀነሱ እምቢ ሲልህ የመጀመሪያውን ቅየራ ተመለስና እየው፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

መልሱን በዓይን እንመርምረው። 5/6 ለ1 ትንሽ የጎደለው ነው። 3/8 ደግሞ ለግማሽ ትንሽ የጎደለው። ስለዚህ ልዩነቱ ግማሽ አካባቢ መሆን አለበት። የ24 ግማሽ 12 ነው፣ እኛ 11 አገኘን። ይሄዳል።

## ጥያቄ 4፦ የሚቀነሰው ክፍልፋይ ከበለጠ ከየት እበደራለሁ?

ጥያቄው 3 1/4 − 1 2/3 ነው። እንዲህ ሙሉ ቁጥርና ክፍልፋይ አብረው ሲጻፉ ድብልቅ ቁጥር ይባላል። 3 1/4 ማለት ሦስት ሙሉ እና አንድ አራተኛ ነው። ደብተርህ ላይ 3ቱን ከ1/4 በጣም አስጠግተህ ስለጻፍከው 31/4 ይመስላል። 31/4 ወደ 8 የሚጠጋ ቁጥር ነው፤ ፍጹም ሌላ ነገር። ሙሉ ቁጥሩን ጎላ አድርገህ፣ ከመስመሩ ትይዩ ጻፈው።

መጀመሪያ ክፍልፋዮቹን አንድ ዓይነት እናድርጋቸው። የ4 እና የ3 ትንሹ የጋራ ብዜት 12 ነው። 1/4 = 3/12፣ 2/3 = 8/12። ጥያቄው 3 3/12 − 1 8/12 ሆነ። እዚህ ድረስ አንተም በትክክል ሠርተኸዋል።

ከዚያ ግን 3/12 ላይ 8/12 መቀነስ አልሆን ሲልህ አገላብጠህ 8 − 3 = 5 ብለሃል። 3 − 1 = 2 አደረግክና 2 5/12 ጻፍክ። ይህን መልስ እንፈትሸው። ቅነሳ ሁልጊዜ በመደመር ይፈተሻል። 2 5/12 ላይ የቀነስነውን 1 8/12 ብንመልስበት 3 3/12 ሊመጣ ይገባል። ሙሉዎቹ 2 እና 1፣ 3 ይሆናሉ። ክፍልፋዮቹ 5/12 እና 8/12፣ 13/12 ይሆናሉ። 13/12 ብቻውን ከ1 ይበልጣል፤ ስለዚህ ድምሩ 4 1/12 ሆነ። የጀመርነው ግን ከ3 3/12 ነበር። አልገጠመም።

ትክክለኛው መንገድ ከሙሉው መበደር ነው። ከሦስቱ ሙሉ አንዱን ወስደህ 12 ቦታ ቁረጠው፤ 12/12 ይሆናል። ቀድሞ የነበረው 3/12 ላይ ስትጨምረው 15/12። ሙሉው ደግሞ 2 ቀረ። ስለዚህ 3 3/12 እና 2 15/12 እኩል ናቸው። ቁጥር ስትቀንስ ከአሥር ቤት 10 ትበደር የለ? እዚህ ግን የምትበደረው 10 አይደለም፣ በታህቱ ልክ ነው። ታህቱ 12 ስለሆነ 12 ተበደርን። ታህቱ 5 ቢሆን ኖሮ የምንበደረው 5 ነበር።

2 15/12 − 1 8/12 = 1 7/12

እንፈትሸው። 1 7/12 እና 1 8/12 ሲደመሩ 2 15/12፣ ማለትም 3 3/12 ይሆናሉ። ገጠመ።

## ጥያቄ 5፦ ማባዛት ላይ የጋራ ታህት ለምን አያስፈልግም?

2/3 × 3/5 ተብሎ ሲጻፍ "የ3/5 ሁለት ሦስተኛ" ብለህ አንብበው። እዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንደምርም። አንድ ነገር ይዘን የእሱን ከፊል እየወሰድን ነው። ስለዚህ ቁራሾቹን ማመሳሰል አያስፈልግም።

ዳቦው አምስት ቦታ ተቆርጦ ሦስቱን ቁራሽ ይዘሃል፤ ይህ 3/5 ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱን ውሰድ። የወሰድከው ሁለት አምስተኛ ነው። መልሱ 2/5 ሆነ ማለት ነው፣ ገና ምንም ሳናባዛ።

በሕጉ ስንሠራውም ያው ነው። ላዕል በላዕል፣ ታህት በታህት ይባዛል። 2 × 3 = 6፣ 3 × 5 = 15። 6/15 ለ3 ሲቃለል 2/5። ታህቶቹ የሚባዙት እያንዳንዱ አምስተኛ እንደገና ሦስት ቦታ ሲቆረጥ ሙሉው ዳቦ 15 ቦታ ስለሚከፈል ነው።

ከጎኑ "ተባዝቶ እንዴት አነሰ?" ብለህ ጽፈሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በሙሉ ቁጥር ከ1 በላይ በሆነ ነገር ስናባዛ ስለለመድን ማባዛት ሁልጊዜ የሚጨምር ይመስለናል። 2/3 ግን ከ1 ያንሳል። የአንድን ነገር ሁለት ሦስተኛ ስትወስድ ነገሩ ሙሉው አይደርስህም። ስለዚህ መልሱ ከ3/5 ማነሱ ትክክል ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ማባዛት ላይ ከላይ ያለውን 3 ከታች ካለው 3 ጋር ማጣፋት ይቻላል፤ ሁለቱንም ለ3 ማካፈል ማለት ነው። ይህን ግን መደመር ላይ እንዳትሞክረው። 2/3 + 3/5 ላይ ሁለቱን 3 ብታጣፋ የምታገኘው ነገር ከጥያቄው ጋር ምንም አይገናኝም።

## ጥያቄ 6፦ ማካፈል ላይ ሁለተኛው ለምን ይገለበጣል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል። 2 1/2 ሊትር ዘይት እያንዳንዳቸው 3/4 ሊትር በሚይዙ ጠርሙሶች ቢቀዳ ስንት ጠርሙስ ይሞላል? ማካፈል የሚጠይቀው "ይህ በዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ አለ?" ብሎ ነው። ስለዚህ 2 1/2 ÷ 3/4 እንሠራለን።

መጀመሪያ ድብልቁን ወደ አንድ ክፍልፋይ እንቀይረው። ሁለት ሙሉ ማለት አራት ግማሽ ነው፤ አንድ ግማሽ ሲጨመር 5/2። እንዲህ ላዕሉ ከታህቱ ሲበልጥ ሕገ ወጥ ክፍልፋይ ይባላል። ስሙ አያስደንግጥህ፣ ምንም ጥፋት የለበትም።

ሳንገለብጥ እንሥራው። ሁሉንም ወደ ሩብ ሊትር እንቀይር። 5/2 = 10/4። ስለዚህ አሥር ሩብ ሊትር ዘይት አለን። አንድ ጠርሙስ ሦስት ሩብ ሊትር ይይዛል። 10 ለ3 ሲካፈል 3 ደርሶ 1 ይቀራል። ሦስት ጠርሙስ ሞላ፣ አንድ ሩብ ሊትር ተረፈ።

አሁን በመገልበጥ። አንድ ሊትር ውስጥ አራት ሩብ አለ። አንዱ ጠርሙስ ሦስቱን ሩብ ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሊትር 4/3 ጠርሙስ ይሞላል፤ አንድ ሙሉ ጠርሙስና የሌላው ሲሶ። 3/4 ተገልብጦ 4/3 የሆነው እንዲህ ነው። 4/3 "በአንድ ሊትር ስንት ጠርሙስ" ለሚለው መልስ ነው። እኛ ያለን ሊትር 5/2 ስለሆነ በዚያ እናባዛዋለን።

5/2 × 4/3 = 20/6 = 10/3 = 3 1/3

እዚህ ላይ አንተ ግራ ተጋብተሃል። በአንዱ መንገድ "3 ጠርሙስ ሞልቶ 1/4 ቀረ" ብለሃል፣ በሌላው 3 1/3 አግኝተሃል። ከዚያ አንዱ ስህተት መስሎህ ሁለተኛውን ሰርዘኸዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የተረፈው ዘይት በሊትር ሲለካ 1/4 ሊትር ነው። በጠርሙስ ሲለካ ግን 1/3 ጠርሙስ ነው፤ ጠርሙሱ ሦስት ሩብ ስለሚይዝና የተረፈው አንድ ሩብ ስለሆነ። ጥያቄው ስንት ጠርሙስ ስለሚል 3 1/3 ብለህ ጻፍ። "3 ሙሉ ጠርሙስ እና 1/3 ጠርሙስ" ብትልም ይሄዳል። 3 1/4 ግን የትም ቦታ መልስ አይሆንም። የጠርሙስ ቁጥር ላይ የሊትር ቁጥር መለጠፍ ነው።

የሚገለበጠው ሁልጊዜ ሁለተኛው ብቻ ነው። በስህተት የመጀመሪያውን ብትገለብጥ 2/5 × 3/4 = 6/20፣ ማለትም 3/10 ይመጣል። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት አንዲት ትንሽ ጠርሙስ እንኳ አልሞላም እንደማለት ነው። ቁጥሩን ስታየው ስህተቱ ራሱ ይናገራል።

## ጥያቄ 7፦ "ከቀረው" የሚለው ቃል ምን ይለውጣል?

አንድ ገበሬ የመሬቱን 2/5 ጤፍ ዘራበት። ከቀረው መሬት 1/3ኛውን ስንዴ ዘራበት። ከጠቅላላው መሬቱ ምን ያህሉ ሳይዘራ ቀረ?

አንተ 2/5 + 1/3 ደምረህ 11/15 አገኘህ። ከ1 ላይ ቀንሰህ 4/15 ጻፍክ። ሒሳቡ አንድም ቦታ አልተሳሳተም፤ የጋራ ታህቱም፣ ድምሩም፣ ቅነሳውም ልክ ነው። የተሳሳተው ንባቡ ነው። 2/5 ከጠቅላላው መሬት ላይ ነው። 1/3 ግን ከጠቅላላው ላይ አይደለም፤ ጤፍ ከተዘራ በኋላ ከቀረው ላይ ነው። የተለያየ ነገር ክፍልፋዮች ስለሆኑ እንዲሁ አይደመሩም።

ክፍልፋይ ባየህ ቁጥር "የምኑ?" ብለህ ጠይቅ። መልሱንም ከጎኑ በእርሳስ ጻፈው። 2/5 የጠቅላላው። 1/3 የቀረው።

አሁን በቅደም ተከተል እንሂድ። ጠቅላላው መሬት 1 ነው፣ ወይም 5/5። ጤፉ ሲቀነስ 5/5 − 2/5 = 3/5 ቀረ። ስንዴው የ3/5 አንድ ሦስተኛ ነው።

1/3 × 3/5 = 3/15 = 1/5

ከቀረው 3/5 ላይ ስንዴው ሲቀነስ 3/5 − 1/5 = 2/5። ሳይዘራ የቀረው መሬት 2/5 ነው።

የቃል ጥያቄ ሲሆን የሚመች ቁጥር ሰጥተህ መፈተሽ ትችላለህ። መሬቱ 5 ጥማድ ነው በል። የ5 ሁለት አምስተኛ 2 ጥማድ ነው፤ ጤፍ ተዘራበት። 3 ጥማድ ቀረ። የ3 ሲሶ 1 ጥማድ ነው፤ ስንዴ ተዘራበት። 2 ጥማድ ቀረ። ከ5 ጥማድ 2 ጥማድ ማለት 2/5 ነው። ደብተርህ ላይ "ከጠቅላላው መሬት 2/5 ሳይዘራ ቀርቷል" ብለህ በዐረፍተ ነገር ጻፈው፤ የቃል ጥያቄ ላይ ቁጥሩን ብቻ ካስቀመጥክ የምኑ 2/5 እንደሆነ ለሚያርመው ሰው አይታወቅም።